ከ107 ፊደል ወደ 134፦ የአንዲት የክፍያ ማረጋገጫ መልእክት እርማት

ረቡዕ ኅዳር 3፣ ጠዋት

ስልኩ የጮኸው ገና ወንበሬ ላይ ሳልደላደል ነው። ደንበኛው ናቸው። ማክሰኞ 20,000 ብር አስገብተዋል፤ ማታ ላይ ደግሞ ከሶፍትዌራችን ማረጋገጫ ደርሷቸዋል።

"እናንተ ሰዎች፣ ስከፍል ይጨምራል እንዴ?" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወሰዱት ሥራ 48,000 ብር ነበር። የመክፈያው ቀን ጥቅምት 28 አልፏል። ማክሰኞ ደውለው "ለጊዜው 20,000 ልላክ፣ የቀረውን ኅዳር 19 አካባቢ እጨርሳለሁ" ብለው ነበር። እሺ አልን። ሂሳቡን ማንም በጣቱ ቆጥሮ ይደርስበታል፤ የሚቀረው 28,000 ነው። የደረሳቸው መልእክት ግን 40,000 ይላል።

ይቅርታ ጠየቅኩ። አጣርቼ እደውላለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና መልእክቱን አወጣሁት፦

> ውድ ደንበኛችን፡ ክፍያዎ ስለደረሰን ከልብ እናመሰግናለን፡፡ ቀሪ ሂሳብዎ 40,000 ብር ሲሆን በአዲሱ ቀነ ገደብ እስከ 19/3 ድረስ እንዲከፈል በትህትና እናሳስባለን፡፡

ይህን ጽሑፍ ለሁለት ዓመት ያህል ስንልከው ኖረናል። ጨዋ ነው፣ ምንም እንከን አይወጣለትም ብዬ አስብ ነበር። ዛሬ በደንበኛው ዓይን ሳነበው ግን ሌላ ሆኖ ታየኝ። ስንት እንደከፈሉ አይናገርም። ለየትኛው ሥራ እንደከፈሉ አይናገርም። 40,000ው ከየት እንደመጣም አይናገርም። የሚናገረው ምስጋናና ማሳሰቢያ ብቻ ነው።

የዛሬ ሥራዬ ተገኘ። ይህችን መልእክት ፈትቼ መልሼ እሰፋታለሁ። እግረ መንገዴን የማየውን እዚህ እያሰፈርኩ።

ረቡዕ፣ ረፋድ

መጀመሪያ 40,000ውን ልፈልግ።

ብዙም አልደከምኩም። ደንበኛው እኛ ዘንድ ሁለት የክፍያ መጠየቂያ አላቸው። ቁጥር 114 የ48,000ው ነው። ቁጥር 121 ደግሞ ከዚያ በኋላ የወሰዱት የ12,000 ብር ሥራ ነው፤ የመክፈያ ቀኑ ታኅሣሥ 10 ስለሆነ ገና አልደረሰም። ሶፍትዌሩ ሁለቱን ደምሮ 60,000 አለ። ከዚያ 20,000 ቀነሰና 40,000 ብሎ ላከ።

ስሌቱ ስህተት የለበትም። ስህተቱ ከጎኑ ያለው ቀን ነው። "40,000 ብር እስከ 19" ማለት ቀኑ ያልደረሰውን 12,000 ጭምር በኅዳር 19 አምጡ ማለት ነው። ማንም እንዲህ አልጠየቃቸውም። መልእክቱ ግን ጠይቋል።

የመልእክቱ ባዶ ቦታ ቁጥሩን የሚወስደው ከደንበኛው ጠቅላላ ሂሳብ ነበር። ከመጠየቂያው ቀሪ እንዲወስድ ቀየርኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሁለት ዓመት ያልታየን አብዛኞቹ ደንበኞች አንድ መጠየቂያ ብቻ ስላላቸው ነው፤ ለእነሱ ጠቅላላውም የመጠየቂያውም ቀሪ አንድ ነው።

ግን ይህ ማስተካከያ አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቁን ይፈልጋል። ገንዘቡ ለየትኛው መጠየቂያ ገባ? የእኚህ ሰው ቀላል ነው። ሲልኩ ማስታወሻው ላይ 114 ብለው ጽፈዋል። ባይጽፉ ኖሮስ? 121ን ሙሉ በሙሉ ዘግተን የተረፈውን 8,000 ወደ 114 ብናዞረው፣ የ114 ቀሪ 40,000 ይሆናል። ያው 40,000! ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ስለዚህ ከፋዩ ቁጥር ካልጻፈ መልእክቱ አይላክም፤ መጀመሪያ ይደወላል። ይህንን ለገንዘብ ተቀባያችን ነገርኳት። "እሱስ ድሮም እንደዚያ ነበር መሆን ያለበት" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ለደንበኛው መልሼ ደወልኩ። 28,000 ነው አልኳቸው። ቀኑንም ጠየቅኋቸው፤ "አካባቢ" የምትለዋ ቃል ስላልተመቸችኝ። 19 አርብ ነው፣ እስከ አርብ ይሁን? አልኳቸው። "ይሁን፣ አርብ" አሉ። ጥሩ። አሁን የምጽፈው ቀን የተስማማንበት ነው።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

ወደ ጽሑፉ።

"ቀሪ ሂሳብዎ" ላይ ቆምኩ። ምኑ ነው ያልተመቸኝ? ስልኬን ከፈትኩ። ባንኬ የላከልኝ የመጨረሻው መልእክት ላይ ያው ቃል አለ፦ ቀሪ ሂሳብዎ ይህን ያህል ነው። እዚያ ላይ ቃሉ ያለኝን ገንዘብ ነው የሚናገረው። የካርድ ሂሳብ ሲያልቅም ያው ነው። ቀሪ ሂሳብ ማለት በሰው ልማድ የእኔ የሆነ፣ ልጠቀምበት የምችለው ማለት ሆኗል። እኛ ደግሞ በዚያው ቃል "ይህን ያህል አለብዎ" እያልን ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ።

የመጀመሪያ ሙከራዬ፦

> የሚቀርብዎ 28,000 ብር ነው።

በልቤ ሳነበው ልክ ነው። ለ ቢሆን ለእርስዎ ጥቅም፣ ብ ስትሆን ደግሞ በእርስዎ ላይ። ሰዋስው አውቃለሁ እያልኩ ለገንዘብ ተቀባያችን ሰጠኋት። "ምን ይቀርብላቸዋል?" አለች። ሳቅኩ። ልክ ናት፤ ጽሑፉ ላይ "መቅረት" እና "መቅረብ" እዚህ ጋ አንድ መልክ አላቸው። ስንናገረው ዐውዱ ያድነናል። ስልክ ላይ በጥድፊያ የሚያነብ ሰው ግን አንዱን ይመርጣል፣ የመረጠው ደግሞ የእኛ ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛ ሙከራ፦

> 28,000 ብር ቀርቷል።

ይሄ ባሰ። "ስብሰባው ቀርቷል" ስንል ምን ማለታችን ነው? ተሰርዟል። 28,000 ብር ቀርቷል ብሎ የሚያነብ ሰው "ተዉልኝ ማለት ነው" ቢል አልፈርድበትም። ባለዕዳ ደግሞ ለራሱ የሚበጀውን ንባብ ይመርጣል። እኔም እመርጣለሁ።

ሦስተኛ፦

> ቀሪው 28,000 ብር እስከ አርብ ይከፈላል።

እዚህ ጋ ከፋዩ ጠፋ። ማነው የሚከፍለው? "ይከፈላል" ስንል እኛም ልንከፍላቸው እንችላለን። በዚያ ላይ መክፈል ሁለት ሥራ አለው። ገንዘብ መስጠትም መክፈል ነው፣ ዳቦ መቁረስም መክፈል ነው። "በሁለት ይከፈላል" ቢባል ሁለት ጊዜ ትከፍላለህ ነው ወይስ ለሁለት ይከፋፈላል? እዚህ መልእክት ላይ "በሁለት" የለም። ነገ ግን ቀሪውን በሁለት ጊዜ ለመክፈል የሚስማማ ደንበኛ ይመጣል፣ ያኔ ቃሉ ጣጣ ያመጣል።

"ዕዳዎ" ብል ሁሉም ያልቃል። ግልጽ ነው፣ አጭር ነው። ግን ሰውዬው ትናንት 20,000 ብር ልከዋል። ገንዘብ የላከን ሰው በማግስቱ ዕዳ ብሎ መጀመር ደስ አይልም። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ ሌላው ሊጽፈው ይችላል።

ያሸነፈው ቃል ተራ ነው፦ ገና ያልተከፈለው። ማን ላይ እንዳለ የሚያከራክር ነገር የለውም። የተሰረዘ አይመስልም፣ የባንክ ሂሳብም አይመስልም። "ገና" የምትለዋ ደግሞ ሳትጮህ ሥራዋን ትሠራለች። እንደሚጠበቅ ትናገራለች።

ረቡዕ፣ ማምሻ

የመልእክቱ መጀመሪያም አላማረኝም። "ክፍያዎ ስለደረሰን ከልብ እናመሰግናለን" ብሎ የሚጀምር መልእክት ግማሹ አንባቢ እዚያው ይዘጋዋል። ስልኩ ላይ ብቅ የምትለው የመጀመሪያዋ መስመር ናት። "ክፍያዎ ደርሶናል" ካለች፣ አለቀ፣ ተዘጋ ማለት ነው። ቀሪው እንዳለ የሚያውቀው መልእክቱን የከፈተ ብቻ ነው።

ምስጋናውን ግን አላወጣውም። ቦታውን እቀይረዋለሁ። መጀመሪያ የደረሰን መጠን፣ ከዚያ አጭር ምስጋና፣ ወዲያው ያልተከፈለው። "20,000 ብር ደርሶናል" ብሎ የሚጀምር መልእክት 48,000 እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ጋ ሲደርስ ራሱ ጥያቄ ይጭራል፤ የቀረውስ?

"ከፍለዋል" ወይስ "ደርሶናል"? ደርሶናል። ሰው የላከውና እኛ ዘንድ የገባው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። የማስተላለፊያ ክፍያ ተቆርጦ ሊገባ ይችላል። ወይም የደረሰኙን ፎቶ ልኮልን ገንዘቡ ራሱ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል። ደርሶናል ስንል ሂሳባችን ላይ አይተነዋል ማለት ነው። ፎቶ አይተን ይህን መልእክት አንልክም። ካየነው ያነሰ ከገባም የምንጽፈው የገባውን ነው፤ ልዩነቱን በስልክ እናወራዋለን።

የደረሰበትንም ቀን አስገባሁ፦ ማክሰኞ። "ዛሬ" ብዬ ነበር። ግን መልእክቱ የሚላከው ሁልጊዜ በዕለቱ አይደለም።

ሌላው የጨመርኩት ጠቅላላውን 48,000 ነው። ሦስት ቁጥር አይበዛም ወይ? አይበዛም። 48,000፣ 20,000፣ 28,000 ጎን ለጎን ካሉ ሰውዬው ራሳቸው ቀንሰው ያረጋግጣሉ። የማክሰኞዋ መልእክት ብቻዋን 40,000 ይዛ ስትሄድ ከየት እንደመጣ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ጠቅላላው ተጽፎ ቢሆን ኖሮ "ከ60,000" የሚለውን አይተው ሌላኛውን ሥራ እንደደመርንባቸው ወዲያው ያውቁ ነበር።

ሐሙስ ኅዳር 4፣ ጠዋት

ዛሬ ቀኑ ላይ ነኝ።

"19/3" ን ጉዳዩን የማያውቁ ሦስት ሰዎች እንዲያነቡት አደረግኩ። ሁለቱ ኅዳር 19 አሉ። ሦስተኛው ከውጭ ድርጅቶች ጋር የሚሠራ ነው፤ "ማርች 19" አለ። እሱ በዚያ አቆጣጠር ነው የሚውለው። ወሩን በቁጥር መጻፍ ለሁለት ፊደል ቁጠባ ብሎ አራት ወር ማጋለጥ ነው። ወሩ በስሙ ይጻፋል።

የዕለቱንም ስም ጨመርኩ። አርብ ኅዳር 19። የዕለት ስም ጥቅሙ ለማስታወስ ብቻ አይደለም፤ መፈተሻም ነው። ቁጥሩን ስጽፍ ተሳስቼ 18 ብል "አርብ 18" የሚባል ቀን በዚህ ወር የለም። አንባቢውም እኔም እንይዘዋለን። ቁጥር ብቻውን ከሆነ ስህተቱ ዝም ብሎ ያልፋል።

ከዚያ "እስከ"። "እስከ 19 ድረስ" ስንል 19 አለበት ወይስ የለበትም? ሦስቱን አንባቢዎች ጠየቅኳቸው። አንዱ "18 ማታ ያበቃል" አለ። ሌሎቹ 19ንም ቆጠሩ። ሰው የሚከራከረው በትልቁ ነገር ይመስለኝ ነበር። በዚህች በአንድ ቀን ነው የሚጣላው። ስለዚህ "እስከ"ን አወጣኋት። አዲሱ የመክፈያ ቀን አርብ ኅዳር 19 ነው፤ አርብም ይቆጠራል። ትንሽ የሰፈር አነጋገር ትመስላለች፣ ግን ማንም አይስታትም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። አርብ መላክ ነው ወይስ አርብ መግባት? አርብ ከሰዓት የተላከ ገንዘብ ሰኞ ሊታይ ይችላል። ከፋዩ የሚቆጣጠረው መላኩን ነው፣ መግባቱን አይደለም። አርብ ቀን ያለበት ደረሰኝ ካለ በጊዜው እንደተከፈለ እንቆጥረዋለን ብለን ተስማማን። ይህንን መልእክቱ ውስጥ አላስገባሁም። ለራሳችን ነው፦ የመክፈያ ቀኑ አርብ ላለቀ ክፍያ ማስታወሻ የሚላከው ሰኞ ከቀትር በኋላ ነው።

"በተስማማነው መሠረት" የሚለውንም አስገብቻለሁ። ምክንያት አለኝ። አዲስ ቀን ዝም ብሎ ከተጻፈ እኛ በራሳችን ያራዘምነው ይመስላል፤ ወይም በራሳችን የጫንነው። ትናንት በስልክ ስለተስማማን እውነት ነው። ስምምነት በሌለበት ጊዜ ግን ይህ ሐረግ መውጣት አለበት። ቴምፕሌቱ ላይ በራሱ እንዲገባ አላደረግኩም፤ የሚልከው ሰው መርጦ እንዲያስገባው ነው ያደረግኩት። ያልተስማማን ሰው ተስማምተሃል ማለት ከስህተት ቁጥር ይብሳል።

ሐሙስ፣ ከሰዓት

ጽሑፉ ይኸው፦

> 20,000 ብር ማክሰኞ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። ከ48,000 ብሩ ገና ያልተከፈለው 28,000 ብር ነው። በተስማማነው መሠረት አዲሱ የመክፈያ ቀን አርብ ኅዳር 19 ነው፤ አርብም ይቆጠራል። መጠየቂያ ቁጥር 114።

አሁን ቆጠራ። ይህ ክፍል አድካሚ ነው ግን ወድጄዋለሁ።

ኤስኤምኤስ በላቲን ፊደል ብቻ ሲጻፍ አንዱ 160 ፊደል ይይዛል። አንዲት የኛ ፊደል ከገባች ግን ጠቅላላው ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ካለፈ ደግሞ ይቆራረጣል፤ ያኔ እያንዳንዱ ቁራጭ የሚይዘው 67 ብቻ ነው። ሦስቱ ቦታ ስልኩ ቁራጮቹን መልሶ ለመገጣጠም ለሚያስፈልገው ምልክት ይሄዳል። ክፍት ቦታውም ነጥቡም ይቆጠራል። የምንከፍለውም በቁራጭ ነው።

አሮጌዋን ቆጠርኳት። 107፣ ማለትም ሁለት ቁራጭ። ከመጀመሪያዎቹ 46 ፊደሎች ውስጥ አንድም አኃዝ የለም፤ አብዛኛው ሰላምታና ምስጋና ነው። የመጀመሪያው ቁራጭ የሚያልቀው ደግሞ የት ላይ መሰላችሁ? "በአዲሱ ቀነ" ላይ። ሁለተኛው ቁራጭ ከዘገየ ሰውዬው "ቀነ" ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። በዚያ ላይ አራት ነጥቡ በሁለት ሁለት ነጥብ የተሠራ ነው፤ ፡፡ ሁለት ፊደል ይበላል፣ ። አንድ። በዓይን አይለዩም።

አዲሷን ቆጠርኩ። እስከ "28,000 ብር ነው።" ድረስ 67። ልክ የመጀመሪያው ቁራጭ! ለራሴ አጨበጨብኩ። ሁለተኛውም ክፍል ከ"በተስማማነው" እስከ መጨረሻው 67። መሃል ላይ ያለው ክፍት ቦታ ተጨምሮ 135።

የሁለት ቁራጭ ወሰን 134 ነው። በአንድ ፊደል አለፍኩ። ለአንዲት ነጥብ ስል ሦስተኛ ቁራጭ ልልክ ነው።

ምን ይውጣ? "እናመሰግናለን" ልትወጣ ትችላለች፣ ግን ጨከንኩ ማለት ነው። "ገና" ብትወጣ ሦስት ቦታ ይገኛል፣ ግን ትናንት ስለሷ የጻፍኩትን አስታወስኩ። በመጨረሻ ያወጣሁት ከ114 በኋላ ያለችውን አራት ነጥብ ነው። መልእክቱ ያለ ነጥብ ያልቃል። ቋንቋ አስተማሪዬ ቢያዩ ቅር ይላቸው ነበር። 134።

ለዚህ ደንበኛ ልክ ሆነ። ለሌላውስ? ቁጥሩ በመቶ ሺህ ከሆነ በእያንዳንዱ መጠን ላይ አንድ ፊደል ይጨምራል። ወሩ መስከረም ከሆነ ከኅዳር ሁለት ይረዝማል። ስለዚህ ቴምፕሌቱ አንዳንዴ ሦስት ቁራጭ መሆኑ አይቀርም። ያንን አልታገልም። የታገልኩት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጠኑ መጀመሪያ፣ ቀኑ ቀጥሎ፣ የመጠየቂያው ቁጥር መጨረሻ። ከተቆረጠ ወደ ሦስተኛው የሚሻገረው ቁጥር 114 ነው። እሱ ቢዘገይ ማንም አይጎዳም።

ሐሙስ፣ 11 ሰዓት ገደማ

ሊላክ ሲል ገንዘብ ተቀባያችን አስቆመችኝ። "ማክሰኞ የላክነውስ?"

እውነት ነው። ደንበኛው ስልክ ላይ 40,000 የሚል መልእክት ተቀምጧል። አሁን 28,000 የሚል ሊከተል ነው። በስልክ ነግረናቸዋል፣ ግን የቃል ነገር ይረሳል፣ ጽሑፉ ይቀመጣል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ ሰው የትኛው እንደሚሠራ አያውቅም። ያስብ ይሆናል፦ መጀመሪያ 40,000 ነበር፣ ቀንሰውልኝ 28,000 ሆነ። ያኔ የተቀነሰልኝ 12,000 ብር ምንድን ነው? የ121 ገንዘብ ነው! 121 ተዘጋ ብሎ ቢያስብ በእኛው ስህተት ነው።

አዲሱ መልእክት ውስጥ እርማቱን ላስገባ ሞከርኩ። አልሆነም። ተዝረከረከ፤ አንድ መልእክት ሁለት ሥራ ሲሸከም ሁለቱም ይወድቃሉ። ስለዚህ ለብቻው፣ አስቀድሞ፦

> ማክሰኞ 40,000 ብር ያልነው ስህተት ነው፤ ይቅርታ። ትክክለኛውን አሁን እንልካለን።

54 ፊደል፣ አንድ ቁራጭ። የተሳሳተውን ቁጥር ደግሜ የጻፍኩት አስቤበት ነው። "ቀደም ሲል የላክነው መልእክት" ብቻ ካልኩ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ካሁን በፊትም ሌሎች መልእክቶች ልከንላቸዋል። ሁለቱ ተገለባብጠው እንዳይደርሱ መጀመሪያዋ መድረሷን አይቼ ነው ሁለተኛዋን የለቀቅኋት። በመሃል አምስት ደቂቃ አለፈ።

አርብ ኅዳር 5

ጠዋት መልስ መጣ። እንዳለ፦

> እሺ 28 ሺ አርብ 19። 121ኛውስ?

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያው ግማሽ የምፈልገው ነው፤ መጠኑንም ቀኑንም መልሰው በራሳቸው አጻጻፍ ላኩልኝ። ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ የተውኩትን ነው የነካው። አንድ መጠየቂያ ብቻ ላውራ ብዬ ሌላውን ዝም አልኩት። 40,000 ሰምተው ለተደናገጡ ሰው ግን ዝምታው አልበቃም። ቀሪው 12,000 የት ገባ ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው።

ደወልኩ። "ጋሼ፣ 121 አልተነካም። 12,000 ብር፣ ቀኑ ድሮ የነበረው ነው፣ ታኅሣሥ 10" አልኳቸው። "እሱን እኮ ነው የምፈልገው፣ ቀላቅላችሁብኝ" አሉ። ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ።

ቴምፕሌቱ ላይ ልጨምረው? አንድ ሰዓት ያህል አመነታሁ። ለሁሉም ከጨመርኩት ሌላ መጠየቂያ ለሌለው ሰው ባዶ ወሬ ነው፤ ፊደሉም ይበዛል። ስለዚህ በሁለተኛ መልእክት፣ ሌላ ክፍት መጠየቂያ ላለው ደንበኛ ብቻ፣ ያውም በሚልከው ሰው ምርጫ፦

> መጠየቂያ 121፣ 12,000 ብር፣ ቀኑ አልተቀየረም፤ ታኅሣሥ 10።

ለመላክ ስዘጋጅ አንድ ነገር አየሁ። እኔው ራሴ የጻፍኩትን ሕግ ጥሻለሁ። የዕለቱ ስም የለም። ታኅሣሥ 10 ምን ቀን ነው? ቀን መቁጠሪያ አየሁ። አርብ ነው። ጨመርኩና ላክሁ።